ያለ ሳቅ የተኳለ ወንድ፦ ግላም ሮክ የነካው ነገር ምን ነበር?

በምሥራቅ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በከፈተው አዲስ የዕቃ ማከማቻ ውስጥ፣ ከመስከረም 2025 ጀምሮ የእንግሊዛዊው ሮክ ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊ ማዕከል ለሕዝብ ክፍት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዘፋኙ ልብሶች፣ ጫማዎች፣ በእጅ የተጻፉ ግጥሞችና ፎቶዎች ከ90 ሺህ በላይ ሆነው እዚያ ተቀምጠዋል። ሙዚየሙን የእኛ አንባቢ በሌላ ነገር ያውቀዋል፤ ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድ ያለው እዚያው ነው። አሁን ደግሞ ያው ተቋም በ1972 ጥጥ ተነጥፎበት የተሰፋ የቦዊን ሙሉ ልብስ የሙቀትና የብርሃን መጠን እየተለካለት ይጠብቃል።

ልብሱ የግላም ሮክ ምልክት ነው፤ ይህም በሰባዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ወንዶች ተኳኩለውና ብልጭልጭ ለብሰው የተጫወቱት ሮክ ነው። ይህን ያህል ክብር ለምን አገኘ ሲባል የተለመደው መልስ አጭር ነው፦ ወንድ ተኳኩሎ፣ እንደ ሴት ለብሶ መድረክ ላይ ስለወጣና እንግሊዝን ስላስደነገጠ። መልሱ ግን ግማሹን ይስታል። እንግሊዝ የሴት ቀሚስ በለበሰ ወንድ የምትደነግጥ አገር አልነበረችም። ገና በመጣ ቁጥር በየከተማው ቲያትር ቤት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ሄደው፣ ትልቅ ጡት አስገብቶ ዊግ የደፋ ጎልማሳ ሰውዬ አሮጊት ሆኖ ሲጫወት እያዩ ይስቁ ነበር። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ልማድ ነው። ዳኒ ላ ሩ የተባለው ተዋናይማ ብልጭልጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ላባ ሰክቶ፣ በንጉሣውያን ቤተሰብ ፊት ሳይቀር የሚጋበዝ ባለጸጋ ኮከብ ነበር።

የላ ሩን አገባብ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሴት መስሎ፣ እጅግ አምሮ፣ በዝግታ ወደ መድረኩ ይመጣል። ታዳሚው በመልኩ እንደተደነቀ ድንገት በጎርናና የወንድ ድምፅ የሠፈር ጎረምሳ ሰላምታ ይወረውራል፤ አዳራሹም በሳቅ ይፈርሳል። ያቺ አንዲት ሰላምታ ፈቃድ ናት። «አይዟችሁ፣ ወንድ ነኝ፤ እየቀለድን ነው» ትላለች። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ቢለብስ ማንም ቅር አይለውም።

ግላም ሮክ ያደረገው ይህን ፈቃድ መንጠቅ ነው። ኩሉ አለ፣ የከንፈር ቀለሙ አለ፣ ሳቲኑ አለ፤ ሰላምታው ግን የለም። ሰውየው ሴትን አያስመስልም፣ አይቀልድምም። አምሮበት ወጥቶ እንዲታይና እንዲወደድ ይፈልጋል። ታዳሚው «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው አጣ።

በዚያን ጊዜ ይህን ጥያቄ የሚያከብደው ሕጉ ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ በሁለት ወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ወንጀል መሆኑ የቀረው በ1967 ነው። ያውም ሁለቱም 21 ዓመት ከሞላቸውና ነገሩ በግል ከሆነ ብቻ። «በግል» የሚለው ቃል ደግሞ በጠባቡ ይተረጎም ስለነበር በቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ካለ ግላዊነቱ ቀረ ማለት ነበር። ስኮትላንድ እስከ 1980፣ ሰሜን አየርላንድ እስከ 1982 ይህንንም አልፈቀዱም። እንግዲህ ሕጉ ያለው «በራችሁን ዝጉ፣ እኛም አናይም» ነው። መታየት ራሱ ክልክል ባይሆንም ከስምምነቱ ውጪ ነበር። በለንደን የመጀመሪያው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ሰልፍ የወጣው ሐምሌ 1 ቀን 1972 ነው፤ ከዚህ በታች ከምተርከው የቴሌቪዥን ምሽት አምስት ቀን ቀደም ብሎ።

ሁለተኛው ግድግዳ የነበረው በሮክ ሙዚቃው ውስጥ ነው። በስድሳዎቹ መጨረሻ ቁም ነገረኛ የሚባል ሙዚቀኛ ፂሙን አሳድጎ፣ የነተበ ጂንስ ለብሶ፣ ከመንገድ እንደመጣ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ሶሎ የሚጫወት ሰው ነበር። ለመድረክ መልበስ የንግድ ዘፋኞች ነውር ሆኗል። «እኔ የምታዩኝ ነኝ» ማለት የዘመኑ ክብር ነበር። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ማርክ ቦላን ይህን ደምብ መጀመሪያ ጣሰ። እግሩን አነባብሮ ወለል ላይ ተቀምጦ አኩስቲክ ጊታር እየመታ ስለ ጠንቋዮችና ስለ ተረት ፍጥረታት ይዘፍን የነበረ ልጅ፣ በመጋቢት 1971 ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ በተባለው የቢቢሲ የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ የሳቲን ልብስ ለብሶ፣ ከዓይኑ ሥር ብልጭልጭ ዱቄት ተቀብቶ ቀረበ። ዘፈኑ ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ቀድሞ በሬዲዮ ሲደግፈው የነበረው ጆን ፒል ብዙም ሳይቆይ ተራራቀው። የፒል ቅሬታ የኩሉ ጉዳይ አልነበረም፤ ሙዚቃው ተራ ሆነብኝ የሚል ነው። ግን በዚያ ዘመን አድማጮች ዘንድ ሁለቱ ነገሮች ተለይተው አይታዩም ነበር፦ ያጌጠ ሁሉ የተሸጠ ነው።

ቦላን በሩን ከፈተ እንጂ ነገሩን እስከ ጥግ የወሰደው ጓደኛውና ተፎካካሪው ዴቪድ ቦዊ ነው። እንዴት እንደወሰደው ማየት ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ያ «ከሌላ ዓለም የመጣ» የተባለ ፍጡር የተሠራው በደቡብ ለንደን ዳርቻ፣ ቤክናም በምትባል ጸጥተኛ ሠፈር ውስጥ፣ ከሱቅ በተገዙ ነገሮች ነው።

የቦዊ እናት ወይዘሮ ጆንስ በየሳምንቱ ፀጉራቸውን የሚሠሩበት የሠፈር ቤት ነበር። የምትሠራቸው ሱዚ ፈሲ የምትባል ወጣት ናት። በእሳቸው በኩል ከቦዊ ሚስት ከአንጂ ጋር ተዋወቀች፤ በ1972 መጀመሪያ ላይም የሚኖሩበት ትልቅ አሮጌ ቤት ድረስ ሄደች። ቦዊ ያን ጊዜ ረጅምና ልስልስ ወርቃማ ፀጉር ነበረው። ከፋሽን መጽሔት የተቀደዱ ፎቶዎች አሳያትና እንደነሱ እንድትቆርጠው ጠየቃት፤ ከላይ አጭርና የቆመ፣ ከኋላ ወደ ማጅራት የወረደ። ቆረጠችው። ፀጉሩ ግን አልቆም አለ፤ ቀጭንና ለስላሳ ፀጉር በማበጠሪያ ብቻ አይቆምም። መላው ቀለም ሆነ። ሽዋርዝኮፍ የሚያመርተውን ደማቅ ቀይ ቀለም ከጠንካራ ፐርኦክሳይድ ጋር ቀባችው፤ ኬሚካሉ ፀጉሩን አሻክሮ ወፍራም አደረገው። ከዚያ ለፎረፎር የሚሸጥ መድኃኒት ቀብታ አደረቀችው። ያኔ ቆመ። አንድ ትውልድ ከማርስ የመጣ የመሰለው ፀጉር በፎረፎር መድኃኒት የቆመ ነበር ማለት ነው። (ፈሲ በኋላ የቡድኑ ፀጉር ሠሪና አልባሽ ሆና ዓለምን ዞረች፤ ጊታር ተጫዋቹን ሚክ ሮንሰንንም አገባች።)

ልብሱን የሠራው ቦዊ በአንድ የምሽት ክበብ ያገኘው ወጣት ልብስ ሰፊ ፍሬዲ ቡሬቲ ነው። ጃኬቱ ሰውነት ላይ የተጣበቀ፣ በዚፕ የሚዘጋ፣ ሱሪው ወደ ቁርጭምጭሚት የጠበበ፣ ጨርቁ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ጥጥ ተነጥፎበት የተሰፋ ነበር። ከሥር ቀይ፣ እስከ ባት የሚታሰር የትግል ስፖርተኞች ጫማ መሰል ቦቲ። ይህ ልብስ የሴት ልብስ አይደለም። የወንድ ልብስም አይደለም፤ በ1972 እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ለብሶ የሚሄድ ወንድ አልነበረም። ከላ ሩ ቀሚስ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ቀሚስ ቢሆን ኖሮ ታዳሚው ስም ይሰጠው ነበር፤ ይሄ ግን ስም አልነበረውም። ቦዊ በዚያው ላይ የልብሱን ባለቤትነት ለራሱ ሳይሆን ለሌላ ሰጠ፦ ዚጊ ስታርደስት የሚባል፣ ከሕዋ ጋር የሚነጋገር፣ ዝና የሚያጠፋው የፈጠራ ዘፋኝ። «እኔ የምታዩኝ ነኝ» ለሚለው የጂንስ ትውልድ ይህ ስድብ ነበር። መልእክቱ ሲገለጥ፣ ጂንሱም አልባሳት ነው፤ እናንተም ትተውናላችሁ፣ ልዩነታችን እኔ ማወቄ ነው፣ የሚል ነው።

ከሁሉም የተቸገሩት ሦስቱ አጃቢዎቹ ነበሩ። ከእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሃል ከተማና ከአካባቢዋ የመጡ ልጆች ናቸው። ሮንሰን ከጥቂት ዓመታት በፊት የከተማው ምክር ቤት አትክልተኛ ነበር። ከበሮ መቺው ዉዲ ዉድማንሲ በኋላ እንዳወራው፣ ሮንሰን የሚለበሰውን ሲያይ «ጓደኞቼ ያዩኛል» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ባቡር ጣቢያ ሄዶ፣ ተለምኖ ነው የተመለሰው። ይህን ታሪክ የምወደው ድፍረቱ ከማን እንደተጠየቀ ስለሚያሳይ ነው። ለቦዊ ኩል መቀባት የቆየ ፍላጎት ነበር፤ ያለ ቃል በእንቅስቃሴ ብቻ ከሚተውነው ከሊንዚ ኬምፕ ሥር ተምሯል፣ ፊት መቀባት ለሱ ሥራ ነው። ወደ ሃል ተመልሶ መጠጥ ቤት መግባት ያለበት ሮንሰን ነው።

የዚጊ የመጀመሪያ ትርዒት የካቲት 10 ቀን 1972 በለንደን ዳርቻ ቶልዎርዝ፣ ቶቢ ጃግ በሚባል መጠጥ ቤት ተካሄደ። ጥቂት ሰው ነበር ያየው። አገር ያየው ሐሙስ ሐምሌ 6 ነው።

በዚያ ምሽት ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ ላይ የቀረበው «ስታርማን» የተባለው ዘፈን ነው፤ ግጥሙም አንድ ልጅ ማታ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ከሰማይ መልእክት እንደሰማና ለጓደኛው ስልክ እንደደወለ ይተርካል። ቦዊ ሰማያዊ ጊታር አንግቶ፣ ፊቱ ነጥቶ፣ ቀዩ ፀጉር ቆሞ ይታያል። ስልክ ስለ መደወል የሚናገረው ስንኝ ላይ ሲደርስ ካሜራውን ትክ ብሎ አየና ጠቋሚ ጣቱን እያዞረ ወደ ሌንሱ አመለከተ፤ «የደወልኩት ለአንተ ነው» የሚል ይመስላል። ለብቻው ሳሎን ወለል ላይ የተቀመጠ የ12 ዓመት ልጅ ምን እንደተሰማው መገመት ይቻላል። ብዙዎቹ በኋላ ሙዚቀኛ ሆነው ያችን ጣት ጠቅሰዋታል።

ቀጥሎ አዝማቹ ላይ ሮንሰን ለመዝፈን ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበ። ቦዊ ክንዱን አንስቶ በሮንሰን ትከሻ ላይ ጣል አደረገ፣ ወደ ራሱ ሳብ አደረገው፣ አብረው ዘፈኑ። ሌላ ምንም የለም። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ሁለት ጓደኛሞች ተቃቅፈው ሲሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ በዚያ ዘመን እንግሊዝ ግን የወንድ ክንድ የወንድ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጎል ሲገባ ወይም ሲሰከር ነው። ሁለቱም ሰበቦች አልነበሩም። ሮንሰን በወርቃማ ሳቲን፣ ቦዊ በዚያ ልብሱ፣ ዘና ብለው፣ ፈገግ ብለው፣ በእራት ሰዓት። ካሜራውም አልሸሸም።

እዚህ ላይ ትውስታን ትንሽ መጠርጠር ይገባል። ስለዚያ ምሽት ሲወራ የቀለሞቹ ድምቀት ሁልጊዜ ይነሳል፤ ነገር ግን በ1972 አብዛኛው የእንግሊዝ ቤት የነበረው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነው። የቀለም ቴሌቪዥን ፈቃድ የጥቁርና ነጩን ቁጥር የበለጠው በአሥርቱ ዓመታት አጋማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ቀዩን ፀጉር ያዩት ግራጫ ሆኖ ነው፤ ቀለሙን የጨመሩት ቆይተው፣ ከመጽሔትና ከድጋሚ ፊልሞች ነው። ይህ ለእኔ የክንዱን ነገር ያጠናክረዋል። በጥቁርና ነጭ የሚቀረው ቀለሙ ሳይሆን ቅርፁና እንቅስቃሴው ነው፤ ጣቱ፣ ፊቱ፣ ክንዱ።

ወደ ምሽቱ የመጣውን ቦዊን ደግሞ አገሩ በአንድ ነገር ያውቀዋል። በጥር 1972 ሜሎዲ ሜከር ለተባለው የሙዚቃ ጋዜጣ «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነኝ፣ ሁልጊዜም ነበርኩ» ብሎ ተናግሯል። ባለትዳር ነው፣ ልጁ ገና ዓመት አልሞላውም። ቃለ መጠይቁን ያደረገው ማይክል ዋትስ ነገሩን ሲጽፍ በአነጋገሩ ውስጥ የተደበቀ ፈገግታ እንዳለ አልደበቀም። ማስታወቂያ ነበር ወይስ ኑዛዜ? አምሳ ዓመት ሙሉ ተከራክረውበታል። በእኔ ግምት ክርክሩ ራሱ የሥራው አካል ነው። አዎ ወይም አይደለም የሚል ቁርጥ መልስ ቢገኝ ሕዝቡ ያርፍ ነበር፤ ልክ የላ ሩ ጎርናና ድምፅ እንደሚያሳርፈው።

ከዚህ በኋላ ቦዊ የእንግሊዝን ሳቅ ፈጽሞ የማያውቅ ምንጭ አገኘ፤ የጃፓኑን ካቡኪ ቲያትር። በካቡኪ የሴት ገጸ ባሕርይን የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው፤ በ1629 መንግሥት ሴቶችን ከመድረክ ስለከለከለ የመጣ ልማድ ነው። እዚያ ግን አይሳቅባቸውም፤ ዕድሜ ልክ የሚፈጅ፣ እጅግ የሚከበር ጥበብ ነው። ካንሳይ ያማሞቶ የተባለው የጃፓን ዲዛይነር ለሴቶች የሠራቸውን ልብሶች ቦዊ ለበሳቸው፤ ቀጥሎም ዲዛይነሩ በተለይ ለእሱ መሥራት ጀመረ። በ1973 ቱር እግሩ በሁለት በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ የተዘረጋ ጥቁር የቪኒል ልብስ ነበረው፤ ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ መጥተው ይስቡታል፣ ልብሱ ለሁለት ተሰንጥቆ ይወድቃል፣ ከሥሩ ሌላ ልብስ ይወጣል። ይህም የካቡኪ ዘዴ ነው። የሚያስገርመው ከልብሱ ሥር ልብስ መኖሩ ነው፤ ተላጥቶ ተላጥቶ እውነተኛው ሰው የሚወጣበት ቦታ የለም።

የተቀረው ግላም ይህን ያህል አልሄደም። ስሌድና ስዊት የተባሉት ቡድኖች ከቦዊ የበለጠ ነጠላ ዜማ ሸጡ፤ ያንኑ ብልጭልጭ ለበሱ፤ ነገር ግን ሳቁን መልሰው አስገቡት። የስሌዱ ኖዲ ሆልደር መስታወት የተለጠፈበት ረጅም ባርኔጣ ይደፋል። የስዊቱ ስቲቭ ፕሪስት ተኳኩሎ ካሜራውን በከንፈሩ ይጠራል፤ ተመልካቹ ግን ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤቱ እንደሚቀልድ ያውቃል። አንድ ዓይነት ሊፕስቲክ ሆኖ ትርጉሙ የተገለበጠ ነው። ይህን ስል ልንቃቸው አይደለም። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ቅዳሜ ማታ ብልጭልጭ ለብሶ ሳይደበደብ እንዲወጣ ያደረገው ምናልባት የእነሱ ቀልድ ነው።

የዚህ ሁሉ ወሰን ግን ግልጽ ነው። የሴትን የልብስ ሳጥን ከፍቶ የፈለገውን መውሰድ የተፈቀደው ለወንድ ነው። የወንድን ሳጥን የከፈተች ሴት በግላም ውስጥ ሱዚ ኳትሮ ብቻ ናት ቢባል ብዙም አያጋንንም፤ ከዲትሮይት መጥታ፣ የቆዳ ቱታ ለብሳ፣ ቤዝ ጊታር አንግታ፣ በ1973 አንደኛ ወጣች። እነዚያ ሁሉ ወንዶች ያማረባቸው ደግሞ በአብዛኛው ትዳራቸው ወይም የሴት ጓደኛቸው የታወቀ ስለነበረ ነው። እንቆቅልሹ የሚሸጠው መልሱ «ላይሆን ይችላል» እስከሆነ ድረስ ነበር።

መልሱን በግልጽ የተናገረው አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆብራያዝ ነው። ኤሌክትራ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ በ1973 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ በኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር ግዙፍ ማስታወቂያ ተሰቀለለት። ጆብራያዝ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን ያለ ፈገግታ፣ ያለ እንቆቅልሽ ተናገረ። ልብሱ ከቦዊ አያንስም ነበር፤ ፒያኖውም ጥሩ ነው። አልበሙ አልተሸጠም። ሁለተኛው ወጣ፣ እሱም አልተሸጠም። ሰውየው ከሮክ ወጥቶ ስሙን ቀይሮ በምሽት ክበቦች ፒያኖ እየተጫወተ ይኖር ጀመር።

ቦዊ በ1983 የፀደይ ወራት በዓለም ከታወቁት ዘፋኞች አንዱ ሆኖ፣ ጠቆር ያለ ፊት፣ ወርቃማ ፀጉርና ልከኛ ሙሉ ልብስ ይዞ ተመለሰ። ለሮሊንግ ስቶን መጽሔት ሲናገርም በወጣትነቱ ስለ ፍቅር ዝንባሌው ያለው ነገር ከሠራቸው ስህተቶች ሁሉ ትልቁ እንደነበረ ገለጸ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጆብራያዝ በኒው ዮርኩ ቼልሲ ሆቴል በኤድስ ሞተ።